ጉሮሮን በስልክ ማንሳት፦ ነጭ ነገር ሁሉ የባክቴሪያ መግል አይደለም

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከእህቴ ፎቶ መጣ። ከንፈር ይታያል፣ ጥርስ ይታያል፣ ከዚያ ወዲያ ቢጫ ጨለማ ነው። ከሥሩ እንዲህ ጽፋለች፦ «ጋሼ፣ ቶንሲሉ መግል ይዟል። ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አለ፣ ልስጠው?» የታመመው የስምንት ዓመት ልጇ ነው።

ሐኪም ነኝ። ዘመድ ያለው ሐኪም ሁሉ ይህን ዓይነት ፎቶ ያውቀዋል። ለእህቴ የመለስኩላት አጭር ነበር። «አትስጪው። ነገ ጠዋት መስኮት አጠገብ እንደገና አንሺው። እስከዚያው አራት ጥያቄ መልሺልኝ።» ጥያቄዎቹን ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ። ከፎቶው ይልቅ የጠቀሙኝ እነሱ ናቸው።

ጥሩ ፎቶ ቶንሲል ላይ ነጭ ነገር መኖሩን ያሳያል። ነጩን ነገር ያመጣው ቫይረስ ይሁን ባክቴሪያ ግን አይናገርም። ይህ የፎቶ ጉድለት ብቻ አይደለም። ሐኪምም ፊት ለፊት አይቶ፣ በዓይኑ ብቻ ከፈረደ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

አፍ ከማስከፈት በፊት

ጉሮሮው ፈጽሞ መታየት የሌለበት ልጅ አለ። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የሚቀመጥ፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት የሚያዝረበርብ፣ አየር ሲያስገባ ጉሮሮው ድምፅ የሚያሰማ ልጅ። እንዲህ ያለ ልጅ አፉ ውስጥ ማንኪያም ስልክም አታስገቡ። የመተንፈሻ ቱቦው ክዳን አብጦ ሊሆን ይችላል፤ ምላሱን መጫን ወይም ማስለቀስ ቱቦውን ጭርሱን ሊዘጋው ይችላል። እንደተቀመጠ ታቅፎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚወስዱት አምስት በሽታ ተከላካዩ ክትባት ዋናውን መንስኤ ስለሚከላከል ዛሬ ይህ እምብዛም አይታይም። ሲመጣ ግን ሰዓት አይሰጥም።

አፉን ከሁለት ጣት በላይ መክፈት ያቃተው፣ ድምፁ ትኩስ ሽሮ አፉ ውስጥ እንደያዘ ሰው የታፈነ፣ አንገቱን ማዞር የማይችል፣ ውኃ እንኳ የማይወርድለት ሰውም እንደዚሁ ነው። እዚህ ጋ ፎቶ ጊዜ ማባከን ነው።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ወደ ስልኩ እንሂድ።

ፎቶው እንዴት ይነሣ

የእህቴ የማታ ፎቶ የተበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። ልጁ እርጎ ጠጥቶ ነበር። የክፍሉ አምፖል ቢጫ ነበር። ስልኩ ደግሞ ጥርሱ ላይ እንጂ ቶንሲሉ ላይ አላነጣጠረም። በጠዋቱ ሦስቱንም አስተካከለች።

መጀመሪያ ውኃ ይጉመጥመጥ። ወተት፣ እርጎ፣ ማር፣ የሚመጠጥ ክኒን፣ ቀይ ከረሜላ፣ ሻይ፣ በርበሬ ያለበት ምግብ ሁሉ ቀለም ጥሎ ያልፋል። እርጎ ቶንሲል ላይ ተለጥፎ ሲቀር መግል ይመስላል ብዬ ብነግራችሁ ላታምኑኝ ትችላላችሁ፤ እኔ ግን ተሸውጄ አውቃለሁ። ጉምጥመጣው የማያስለቅቀው ነጭ ነገር ካለ ያኔ ቁም ነገር ነው።

ከዚያ ብርሃን። የቀን ብርሃን የሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት ይቀመጥና የአንድ ሰው ስልክ ባትሪ እንደ ፋኖስ ያብራለት። የቢጫ አምፖል ብርሃን ነጩን ቢጫ፣ ሮዙን ቀይ አድርጎ ያሳያል። የፎቶ አንሺው ስልክ ፍላሽ ደግሞ ምራቅ ላይ ሲያርፍ ያብረቀርቃል፤ ያ ብልጭታ በፎቶ ላይ ልክ እንደ ነጭ ነጥብ ይታያል። ሌላ ሰው ከጎን ቢያበራ ይሻላል። ሌላ ሰው ከሌለ ፍላሹን በፎቶ ሳይሆን በቪዲዮ ክፈቱት።

የኋላ ካሜራ ይሁን። የፊት ካሜራ በብዙ ስልክ ላይ ግራና ቀኝን ያገለብጣል፤ እብጠቱ በየትኛው በኩል እንደሆነ ደግሞ ማወቅ አለብን። ፊት የሚያሳምር ማጣሪያ ካለ ይጥፋ። ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ራቁ፣ ሁለት እጥፍ አጉሉ፣ ስክሪኑ ላይ ቶንሲሉን ንኩት። በጣም ከተጠጋችሁ ስልኩ ማተኮር አይችልም፤ ብዥ ያለ ቀይ ነገር ብቻ ነው የሚወጣው።

ምላስ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ምላስህን አውጣ» ሲባል ልጁ ጥርሱን ነክሶ፣ ምላሱን አደንድኖ ያወጣል። የደነደነ ምላስ ኋላው ይነሣና ቶንሲሉን ይሸፍናል። ይልቅ አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ ምላሱን ልል አድርጎ ታችኛው ጥርሱ ጋ አስቀምጦ፣ ረዘም ያለ «አ…» ይበል። ወይም ሩጦ እንደመጣ ሰው አፉን ከፍቶ ይተንፍስ። ያኔ እንጥሉ ወደ ላይ ይነሣል፣ ምላሱ ይወርዳል። አልሆን ካለ በንጹሕ የማንኪያ እጀታ ምላሱን ከፊት በኩል፣ ከመካከሉ ሳያልፍ ወደ ታች ተጫኑ። ከመካከሉ ካለፈ ያስመልሳል፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ ዳግም አፉን አይከፍትላችሁም።

አንድ ፎቶ ከመጠበቅ የአሥር ሰከንድ ቪዲዮ ቅረጹ። ከቪዲዮው ውስጥ ጥሩዋን ቅጽበት ስክሪንሾት አድርጋችሁ ታወጣላችሁ። በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩት፤ ተራ ፎቶ ሆኖ ሲላክ ይጨመቅና ትንንሹ ነገር ይጠፋል። የልጅ ፊት ካለበት ፎቶውን ቆርጣችሁ ዓይኑን አስወጡት። የቤተሰብ ግሩፕ ላይም አትለጥፉት። አንድ ፎቶ ለጠፋችሁ ማለት ሃያ ምክር ጠራችሁ ማለት ነው።

ፎቶው ላይ ምን ይፈለጋል

መካከል ላይ የተንጠለጠለችው እንጥል ናት። ግራና ቀኟ እንደ መጋረጃ የሚወርዱ ሁለት ቅስቶች አሉ። ቶንሲሎቹ ከቅስቶቹ መካከል የተቀመጡ ሁለት ሥጋዎች ናቸው። ከሁሉም ኋላ የጉሮሮው ግድግዳ አለ።

መጠን ብቻውን አያስደንግጣችሁ። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ያለ ጤነኛ ልጅ ትልልቅ ቶንሲል ሊኖረው ይችላል። ለዚህም ነው ደህና በነበረበት ቀን የተነሣ ፎቶ የሚጠቅመው። እህቴ አሁን የሁለቱንም ልጆቿን የጤነኛ ጉሮሮ ፎቶ ስልኳ ላይ አስቀምጣለች። መጀመሪያ ስነግራት ስቃብኝ ነበር።

ጉሮሮው በሙሉ ቀልቶ፣ የኋላው ግድግዳ ጠጠር እንደተነጠፈበት መንገድ ጎርበጥ ጎርበጥ ብሎ፣ ቶንሲሉ ላይ ግን ነጭ ነገር ከሌለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ወይም ከአፍንጫ የሚወርድ ንፍጥ ነው። ላንቃው ላይና ከእንጥሉ አካባቢ ዙሪያቸው የቀላ ትንንሽ ቁስሎች ካሉም ቫይረስ ነው። በተለይ ትንሽ ልጅ ከሆነና እጁና እግሩ ላይ ሽፍታ ካወጣ ጥርጥር የለውም።

ቶንሲሎቹ አብጠው፣ ነጭ ወይም ቢጫማ ነጥቦች ወይም ሰፋ ያለ ልባስ ካለባቸው ሰው «መግል» የሚለው ይህን ነው። ባክቴሪያው ስትሬፕቶኮከስ ይህን ያመጣል። ላንቃው ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ደቃቅ ቀይ ነጥቦች ከተጨመሩ ጥርጣሬው ከፍ ይላል። ግን ልብ በሉ፤ በጉርምስና ዕድሜ የሚበዛው ሞኖ የሚባል የቫይረስ በሽታም ይህንኑ ሁሉ፣ ነጥቦቹን ሳይቀር፣ ያመጣል። አዴኖ የሚባለው ቫይረስም ትንንሽ ልጆች ላይ ነጭ ልባስ ያወጣል። ነጭ ነገር አየሁ ማለት ባክቴሪያ አየሁ ማለት አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ትኩሳት ሳይኖር፣ ጉሮሮ ሳያም፣ ቶንሲሉ ጉድጓድ ውስጥ የተሸጎጠች አንዲት ነጭ ፍሬ ካለች የምግብ ፍርፋሪና የሞተ ሴል ተጠራቅሞ የደረቀ ነው። አፍ ታሸታለች እንጂ በሽታ አይደለችም። ጉንጭና ምላስ ላይ ጭምር ያለ፣ በጨርቅ ሲጠረግ የሚለቅ ነጭ ደግሞ የፈንገስ ነው።

ሁለት ነገር ግን ፎቶው ላይ ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። አንደኛው፣ በአንድ በኩል ያለው ቅስት ተነፍቶ እንጥሏን ወደ ሌላው በኩል ከገፋት ነው። ከቶንሲሉ ጀርባ መግል ቋጥሯል ማለት ነው፤ በመርፌ ወይም በቢላ መውጣት አለበት። ክኒን ብቻውን አይበቃውም። ሁለተኛው፣ ግራጫ፣ እንደ ቆዳ የተጣበቀ፣ ከቶንሲሉ አልፎ ወደ እንጥሉ የተንሰራፋ ሽፋን ነው። በተለይ ክትባቱን ያልጨረሰ ልጅ ላይ ዲፍቴሪያ ሊሆን ይችላል። ለመፋቅ አትሞክሩ፣ ይደማል። ልጁ ያኔውኑ ሆስፒታል ይድረስ።

ፎቶው የማያሳየው፦ አራቱ ጥያቄዎች

እህቴን የጠየቅኳት እነዚህን ነው። ትኩሳቱ ከ38 በልጧል? ሳል አለው? ከመንጋጋው ሥር፣ ከፊት በኩል ስትነኪው የሚያመው ንፍፊት አለ? ቶንሲሉስ አብጧል ወይም ነጭ አለበት?

ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ሳል ላይ ግን ነጥቡ የሚሰጠው ሳል *ከሌለ* ነው፤ ምክንያቱም ሳል ቫይረስን ይጠቁማል። ከዚያ ዕድሜ ይታከላል። ከ3 እስከ 14 ዓመት ከሆነ አንድ ይደመራል። ከ15 እስከ 44 ምንም የለም። 45 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ይቀነሳል። ሐኪሞች ይህን ሲቆጥሩ የዛሬ አይደለም፣ በብዙ አገር የሚሠራበት ነው።

ትኩሳቱን በእጅ ዳብሳችሁ አትገምቱ። በብብት ሲለካ ከእውነተኛው ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደሚያነብም አስታውሱ። ንፍፊቱን ስትፈልጉ ደግሞ ልጁ አንገቱን ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ያድርግ። ከጆሮው ሥር ጀምራችሁ በመንጋጋው ጠርዝ እስከ አገጩ በጣታችሁ ጫፍ በቀስታ ተራመዱ። ትንሽ የማያም ፍሬ ብዙ ልጅ አለው። የምትፈልጉት ስትነኩት ፊቱን የሚያስኮሳትረውን ነው።

የእህቴ መልስ በጠዋት መጣ። ትኩሳቱ 38.7። ሳል የለም፣ ንፍጥም የለም። ከመንጋጋው ሥር በሁለቱም በኩል ንፍፊት አለ፣ ሲነካ ያመዋል። አዲሱ ፎቶ ላይ ቶንሲሎቹ አብጠዋል፣ ከጉምጥመጣው በኋላም ያልለቀቁ ነጭ ነጥቦች አሉ። አራት ነጥብ ሆነ። ስምንት ዓመቱ ነውና አንድ ተጨመረ፤ አምስት።

ታዲያ አምስት ከአምስት ያገኘ ልጅ በእርግጠኝነት ባክቴሪያ አለበት? የለም። አራትና ከዚያ በላይ ከሚያገኙት ውስጥ ባክቴሪያው የሚገኝባቸው በግምት ግማሾቹ ናቸው። ዜሮ ወይም አንድ ካገኙት ውስጥ ደግሞ ከአሥሩ አንዱም አይሞላም። ነጥቡ የሚነግረን መድኃኒት ማን ይዋጥ የሚለውን ሳይሆን የጉሮሮ ናሙና ማን ይስጥ የሚለውን ነው።

ናሙና መቼ ነው የሚጠቅመው

ዜሮ ወይም አንድ ከሆነ አያስፈልግም። ንፍጥ፣ ሳል፣ የድምፅ መዘጋት፣ የዓይን መቅላት፣ የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የቫይረስ ነው። እረፍት፣ ብዙ ፈሳሽ፣ በኪሎው ልክ የተሰጠ ፓራሲታሞል፣ ትልቅ ሰው ከሆነ ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ ይበቃል። ብዙው በሳምንት ውስጥ ይለቃል።

«ለማንኛውም ይመርመር፣ ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይጎዳል። ጤነኛ ከሆኑ የተማሪ ቤት ልጆች አንዳንዶቹ ባክቴሪያውን ጉሮሮአቸው ውስጥ ተሸክመው ይኖራሉ፣ አያማቸውም። እንዲህ ያለ ልጅ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ናሙና ከተወሰደለት ሁልጊዜ «አለበት» ይባላል። የታመመው በጉንፋን፣ የሚውጠው ግን አንቲባዮቲክ ይሆናል። በዚሁ ምክንያት ልጁ ዳነ ብሎ ድጋሚ ናሙና መስጠት፣ ወይም ያልታመሙትን እህትና ወንድም ሁሉ ማስመርመር በተለመደው ሁኔታ አያስፈልግም። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅም፣ ቤት ውስጥ የታመመ ከሌለ በስተቀር፣ እምብዛም አይመረመርም፤ በዚያ ዕድሜ ስትሬፕቶኮከስ ብዙ አያጠቃም።

ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ናሙና ዋጋ የሚኖረው እዚህ ነው። በዓይን መፍረድ የማይቻልበት ቦታ ነውና። አራትና አምስትም ላይ፣ ምርመራው ካለ ይደረግ። ግማሹ ሰው በከንቱ መድኃኒት ከመውሰድ ይድናል።

አወሳሰዱ ላይ እናንተም ዓይናችሁን ጣሉ፤ በብዛት የሚበላሸው እዚያ ነው። ባለሙያው በጥጥ እንጨቱ ሁለቱንም ቶንሲሎችና የኋላውን ግድግዳ ማሸት አለበት። አሳምሮ ከታሸ ልጁ ያቅለሸልሸዋል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እንጨቱ ምላስና ጉንጭ ላይ ዞሮ ከወጣ ግን የተመረመረው ምራቅ ነው። ከናሙናው በፊት አንቲባዮቲክ አይወሰድ፤ አንድ ሁለት ፍሬም ቢሆን ውጤቱን ሊያጠፋው ይችላል። ጀርም በሚገድል ፈሳሽ መጉመጥመጥም ከናሙናው በኋላ ይሁን።

ፈጣኑ ምርመራ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። «አለ» ካለ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። «የለም» ሲል ግን ከመቶ በሽተኞች አሥራ አምስት ያህሉን ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ልጅ ላይ «የለም» ከወጣ ሁለተኛ ናሙና ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ወደሚያየው ምርመራ፣ ወደ ካልቸር ይላካል። ካልቸሩ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይፈጃል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «ሚሽታህ ጋሮን» የሚሉት እሱን ነው። አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ሰው ላይ ፈጣኑ «የለም» ካለ ብዙውን ጊዜ እዚያው ያቆማሉ።

ሁለት ቀን መጠበቅ እናትን ያስጨንቃል። «ቶንሲል ወደ ልብ ይሄዳል» ሲባል ሰምታ አድጋለች፤ አልተሳሳተችምም። ስትሬፕቶኮከስ ካልታከመ በጥቂት ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ ሩማቲክ የሚባለውን ትኩሳት ያስከትላል፣ እሱም የልብን በሮች ያበላሻል። አገራችን ውስጥ በዚህ የተነሣ ልቡ የታመመ ወጣት ብዙ ነው። ግን መድኃኒቱ ሕመሙ ከጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ቢጀመር ይህን መከላከል ይችላል። ስለዚህ ለካልቸር ሁለት ቀን ጠብቃችሁ ልቡን አልጎዳችሁም። በሩማቲክ ትኩሳት አንዴ የታመመ ልጅ ግን ከዚህ ወጣ ያለ ነው። እሱ በየወሩ ገደማ መከላከያ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጋ ነው፤ ጉሮሮውን ባመመው ቀን ነጥብ ሳይቆጠር ወደ ሐኪሙ ይሂድ።

ለእህቴ ልጅ በዚያው ቀን አንድ ክሊኒክ ፈጣኑን ምርመራ ሠራለት። «አለ» ወጣ። ሐኪሙ አሞክሳሲሊን በኪሎው ልክ ለአሥር ቀን አዘዘለት።

ምርመራው በሌለበት

ብዙ ጤና ጣቢያ ውስጥ የጥጥ እንጨቱም ፈጣኑ ምርመራም የለም። እዚያ ሐኪሙ በምልክት ይወስናል፤ ነጥቡ ከፍ ካለ ልጅ ላይ ሳይመረመርም ማከሙ ስሕተት አይደለም። የልብ ሕመሙ በበዛበት አገር አንዱን በከንቱ ማከም አንዱን ከመዝለል ይሻላል ተብሎ ነው። ክኒኑን አሥር ቀን የማይጨርስ ከመሰለ፣ በክብደቱ ልክ አንዴ ብቻ የሚወጋ የፔኒሲሊን መርፌ አለ። ያማል፤ ግን ያልቃል። ከወባ አካባቢ የመጣ ትኩሳት ያለው ልጅ ደግሞ ጉሮሮው ቢቀላም ደሙ ይታይ። ቀይ ጉሮሮ ወባን አይከለክልም።

እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲልን በጣት ማስቧጠጥን በተመለከተ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። እንጥሉ «ወርዶ» የታየው በእብጠቱ ስለሆነ እብጠቱ ሲለቅ ይመለሳል፤ መቆረጡ ግን ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ያመጣል።

የሜሪላንዷ ልጅ

በሌላ ጊዜ አንዲት ዘመዴ ከሜሪላንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጇን ጉሮሮ ላከችልኝ። ፎቶው ከእህቴ ልጅ የባሰ ነው። ሁለቱም ቶንሲሎች በነጭ ተሸፍነዋል፣ እርስ በርስ ሊነካኩ ደርሰዋል። ትኩሳት 38.4፣ ሳል የለም፣ ንፍፊት አለ። አራት ነጥብ። ዕድሜዋ ምንም አይጨምርም። በፎቶ ብቻ ብፈርድ ባክቴሪያ ነው ባይ ነበርኩ።

ግን ታሪኳ አልገጠመልኝም። የታመመችው ስምንተኛ ቀኗ ነው። ከጉሮሮው በላይ ድካሙ ነው የጣላት፤ ከትምህርት ቤት መጥታ ትተኛለች፣ ለእራት አትነሣም። «ንፍፊቱን ከአንገቷ ጀርባ በኩልም ዳብሺው እስቲ» አልኳት። እዚያም አለ። ስትሬፕቶኮከስ ንፍፊት የሚያመጣው በአብዛኛው ከፊት ነው። ከኋላም ሲገኝና ድካሙ እንዲህ ሲከብድ ሞኖ መጠርጠር አለበት።

ፈጣኑ ምርመራ «የለም» አለ። የደም ምርመራው ሞኖ መሆኑን አረጋገጠ። ነገር ግን እናትየው ከውጤቱ በፊት ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ለሁለት ቀን ሰጥታት ኖሯል። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ሰውነቷ በሙሉ ቀይ ሽፍታ ወጣባት። ሞኖ ያለበት ሰው አሞክሳሲሊን ሲወስድ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ የመድኃኒቱ እውነተኛ አለርጂም ላይሆን ይችላል። ሐኪሙ ይህን ባይጽፍላት ኖሮ ዕድሜ ልኳን «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» እያለች ትኖር ነበር።

ሞኖ በአንቲባዮቲክ አይድንም። እረፍት ነው። ጣፊያ ስለሚያብጥም ቢያንስ ሦስት አራት ሳምንት ከግፊያና ከሚያጋጭ ስፖርት መራቅ አለ። ልጅቷ ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር፤ ይህን ስትሰማ ከጉሮሮው የበለጠ ያመማት ይኼ ነው።

መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ

ናሙናው «አለ» ካለና መድኃኒቱ ከተጀመረ ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይወርዳል። አንድ ቀን ሙሉ መድኃኒት የወሰደና ትኩሳቱ የለቀቀው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ይችላል። ነጩ ነገር ከትኩሳቱ ዘግይቶ ሊጠፋ ይችላል፤ እሱን እያያችሁ አትጨነቁ። በየሰዓቱ ፎቶ አታንሱ፤ በቀን አንዴ፣ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት በቂ ነው። ብርሃኑ ሲለያይ ቀለሙም ይለያያልና ማወዳደር አትችሉም።

እህቴ በአራተኛው ቀን ላከችልኝ። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ ቶንሲሎቹ ቀንሰዋል፣ ነጩ ጠፍቷል። ከሥሩ «ድኗል፣ ላቁምለት?» ይላል። አሥር ቀን የተባለው ለጉሮሮው ሕመም አይደለም። ሕመሙ ያለ መድኃኒትም ይለቅ ነበር። አሥሩ ቀን ባክቴሪያውን ከጉሮሮው ጠርጎ ለማውጣትና ለልቡ ነው። ጽፌ መለስኩላት። ብልቃጡን ማቀዝቀዣው በር ላይ አድርጋ፣ ስድስት ቀን የቀረበትን ወረቀት ለጠፈችበት።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ባይወርድ ኖሮ፣ ወይም ሕመሙ ወደ አንድ ጎን ቢያደላና አፉ አልከፈት ቢል፣ አዲስ ፎቶ አልጠይቃትም ነበር። ዛሬውኑ ይታይ እላት ነበር።